ከሽያጭ ወደ ሶፍትዌር ቴስቲንግ፦ የስድስት ዓመት ልምዴን ሲቪ ላይ እንዴት ልጻፈው?

ቤቲ_ጎፋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ስድስት ዓመት ሽያጭ ላይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ለአንድ አከፋፋይ ሳሙናና ዘይት ሸጥኩ፤ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አከፋፋዮች ትዕዛዝ የሚቀበሉበትና ስቶክ የሚቆጣጠሩበት ሶፍትዌር ነው የምሸጠው። ዴሞ አሳያለሁ፣ ውል አስፈርማለሁ። ከተሸጠ በኋላም ደንበኛው አንድ ነገር ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው።

አሁን ወደ ቴስቲንግ መዞር እፈልጋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ተማርኩ። ሰባት ቦታ አመለከትኩ፤ አንዱም አልጠራኝም። ሲቪዬ ላይ ያሉት ነጥቦች በአማርኛ ሲሆኑ እንዲህ ናቸው፦ የሽያጭ ዕቅዴን በተከታታይ አሳክቻለሁ። ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ። በቡድን መሥራት እችላለሁ። ጫና እቋቋማለሁ። ለዝርዝር ነገር ትኩረት እሰጣለሁ።

ዲግሪዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። ምኑን ልቀይር?

ናሆም_88 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ቤቲ፣ መጀመሪያ ለቴስተሮች ሰርተፊኬት የሚያሰጠውን የአይኤስቲኪውቢን ፋውንዴሽን ፈተና ውሰጂ። እሱ ከሌለ ማንም ሲቪሽን አያየውም። ሁለተኛ፣ አንቺ ሴልስ ስለሆንሽ ሰው ማሳመን ትችያለሽ። ዴቬሎፐሮች ‹‹ይሄ ባግ አይደለም›› ብለው ሲከራከሩ የምታሳምኛቸው አንቺ ነሽ። ትልቁ ሀብትሽ እሱ ነው፤ ከላይ አድርገሽ ጻፊው።

ጋሽ_ታደሰ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ልጄ፣ ሶፍትዌር መሸጥ ጥሩ ሥራ ነው፤ አትፍሪ። እኔ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ፣ ሱቄ መርካቶ ነው። ሶፍትዌር ሊሸጡልኝ የመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። የሚያሸንፈው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደምንሠራ ያየ ነው። ኮሚሽኑን አስቀድመሽ ተዋዋይ።

ቤቲ_ጎፋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

አመሰግናለሁ ጋሼ። እኔ ግን መሸጡን ልተው ነው ያሰብኩት። ሶፍትዌሩ ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ ሰዎች አሉ፤ ወደነሱ ነው መሄድ የምፈልገው።

ሕይወት_ኪውኤ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ቤቲ፣ ዘጠኝ ዓመት ቴስተር ነኝ፤ ባለፉት ሦስቱ ሰው ስንቀጥር ሲቪ የማነበው እኔ ነኝ። ሰባቱ ቦታ ለምን እንዳልጠሩሽ ይገባኛል። የጻፍሻቸው አምስት ነጥቦች ለባንክ ገንዘብ ተቀባይም፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይም ይሆናሉ። ስላንቺ የነገሩኝ ነገር የለም።

ናሆም ያለው ግማሹ ትክክል ነው። ሰርተፊኬቱን የሚጠይቅ ቀጣሪ አለ። ፈተናው 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ነው፤ 26 ካገኘሽ ታልፊያለሽ፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻሽ ካልሆነ 15 ደቂቃ ይጨመርልሻል። የሙያውን ቃላት ስለሚያስጨብጥሽ ጥሩ ነው። ግን ሲቪ ሳነብ ከሰርተፊኬቱ በፊት የምፈልገው ሰውዬው አንድ ስህተት አግኝቶ እስከ ሥሩ ተከታትሎ ያውቃል ወይ የሚለውን ነው።

ማሳመኑ ላይ ግን አልስማማም። ዴቬሎፐርን በንግግር አታሳምኚውም። ስህተቱ እሱ ኮምፒውተር ላይ ሲደገም ሲያየው ክርክሩ ያልቃል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን መልሺልኝ። ዴሞ ስታሳዪ ደንበኛ ፊት የማትነኪው ቁልፍ፣ የማትገቢበት ገጽ የትኛው ነው?

ቤቲ_ጎፋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

ሕይወት፣ ይሄን ጥያቄ እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አዎ አለ።

ደንበኛ በአማርኛ ስም አልፈልግም። ስሙ በንጉሡ ‹‹ሠ›› ተመዝግቦ እኔ በእሳቱ ‹‹ሰ›› ከጻፍኩ አይመጣም። ሠላም ጠቅላላ ንግድን ፊታቸው ፈልጌ ‹‹አልተገኘም›› ሲለኝ አፍሬ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ቁጥር ብቻ ነው የምፈልገው።

የወር ሪፖርቱን ጳጉሜን ውስጥ አልከፍትም። የዚያን ሰሞን ሽያጭ ነሐሴም ላይ የለም፣ መስከረምም ላይ የለም።

ትዕዛዝ ላይ ዕቃ ጨምሬ አሳያለሁ እንጂ ቀንሼ አላሳይም። ቀንሼ ካሳየሁ ቅናሹ ሳይነሳ ይቀራል።

ሕይወት_ኪውኤ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ይኸው! አራት ዓመት ሙሉ ሶፍትዌሩ የሚሰበርበትን ቦታ በቃልሽ ይዘሽ ስትዞሪ ነበር። ጥሩ ሻጭ ከዚያ ቦታ ይርቃል፤ ቴስተር ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። እውቀቱ ግን ያው ነው። ለአዲስ ቀጣሪ መንገር ያለብሽ ይሄን ነው።

ስለ ቅናሹ ያነሳሽውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪኝ። ምን ሆነ፣ ማን ደወለ፣ አንቺስ ምን አደረግሽ? የደንበኛውን ስም ተይው።

ቤቲ_ጎፋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

እሺ። አንድ አከፋፋይ ደንበኛዬ 20 ካርቶንና ከዚያ በላይ ለሚገዛ 5 በመቶ ቅናሽ ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ‹‹ሶፍትዌራችሁ ሌባ ነው፣ ባለሱቁ አምባረቀብኝ›› ብሎ ደወለልኝ። ሄድኩ። ባለሱቁ 20 ካርቶን ሳሙና ነው ያዘዘው፤ አንዱ ካርቶን 850 ብር። ደረሰኙ ላይ ቫትን ጨምሮ 19,550 ብር ወጥቷል። ቅናሹ የለም።

መጀመሪያ ልጁ ቅናሹን ማስገባት ረስቶ ነው ብዬ ነበር። ግን የሚገባ ነገር የለም፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ነው የሚቀንሰው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ በታብሌቴ ሞከርኩት። በ21 ካርቶን ቅናሹ መጣ። በ19 አልመጣም፤ ልክ ነው። በ20 ግን አልመጣም። ቢሮ ደወልኩና ‹‹ቅናሹ አይሠራም›› አልኳቸው። ‹‹እኛ ጋ ይሠራል›› አሉኝ። በ50 ካርቶን ነበር የሞከሩት! በመጨረሻ የ20ውን ስክሪን ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፤ አስተካከሉት።

በሳምንቱ ሌላ ደንበኛ ጋ 21 ካርቶን አስገብቼ ወደ 19 ዝቅ ሳደርገው ቅናሹ እዚያው ቀረ። አሁን ደግሞ አከፋፋዩ ሊከስር ነው። እሱን ተናግሬያለሁ፤ እኔ እስከማውቀው አልተስተካከለም።

ሕይወት_ኪውኤ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ቤቲ፣ ይሄ የቴስተር ሥራ ነው። ያደረግሽውን አንድ በአንድ እንየው።

ኮዱን አላየሁትም፤ ግን እንዲህ ያለ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ምልክት ነው የሚመጣው፦

```
if qty > 20:
    discount = 0.05
```

መሆን የነበረበት `>=` ነው። ‹‹ከ20 የሚበልጥ›› እና ‹‹20ና ከዚያ በላይ›› ዴቬሎፐር ሲቸኩል ይምታቱበታል። ለዚህ ነው ወሰኑ ያለበት ቁጥር ላይ፣ አንድ ዝቅና አንድ ከፍ ብለን የምንሞክረው። አንቺ ማንም ሳያስተምርሽ መኪና ውስጥ 19፣ 20 እና 21ን ሞክረሻል። 50 ላይ የሞከሩት ሰዎች ስህተቱን ሊያዩት አይችሉም ነበር።

የጎደለሽ አጻጻፉ ነው። ‹‹ቅናሹ አይሠራም›› ብትዪ ‹‹እኛ ጋ ይሠራል›› ይሉሻል፤ ደግሞም አልዋሹም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ርዕስ፦ ልክ 20 ካርቶን ሲታዘዝ የ5 በመቶ ቅናሹ አይታሰብም።
እንዴት ይደገማል፦ የቅናሽ ደንብ ያለው ደንበኛ ክፈት። ባለ 850 ብሩን ሳሙና ምረጥ። ብዛት 20 አስገባ። ደረሰኝ አውጣ።
መሆን የነበረበት፦ 17,000 ብር፣ ቅናሽ 850፣ ቀሪ 16,150፣ ቫት 15 በመቶ 2,422.50፣ ድምር 18,572.50።
የሆነው፦ ቅናሽ 0፣ ድምር 19,550።
ተጨማሪ፦ በ21 ቅናሹ ይመጣል። በ19 አይመጣም፣ ትክክል ነው።

ከዚህ በታች የመሣሪያውን ዓይነትና የሶፍትዌሩን ስሪት ቁጥር ትጨምሪያለሽ። ‹‹እኛ ጋ ይሠራል›› የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እነሱና አንቺ የተለያየ ስሪት ስትከፍቱ ነው።

አሁን ሽያጩ የሚጠቅምሽ ቦታ ላይ ደረስን። ባለሱቁ ላይ ያለፈው ልዩነት 977.50 ብር ነው። ከቢሮ ሆኖ ለሚያየው ‹‹አንድ ቁጥር ላይ ብቻ የሚመጣ ስህተት›› ስለሆነ ይቆይ ይባላል። አንቺ ግን ሱቅ ለሱቅ ዞረሽ ሸጠሻል። ንገሪኝ፣ ቅናሹ ከ20 የሚጀምር ከሆነ ባለሱቅ ስንት ካርቶን ነው የሚያዘው?

ቤቲ_ጎፋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ልክ 20! ገንዘቡን ሌላ ዕቃ ላይ ስለሚፈልገው ከቅናሹ በላይ አንድ ካርቶን አይጨምርም። 21 ያዘዘ ሰው አላስታውስም።

ሕይወት_ኪውኤ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡58

አየሽ? ስህተቱ የሚመጣው ሁሉም ሰው የሚያዘው ቁጥር ላይ ነው። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ሪፖርቱ ላይ ብትጨምሪ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይስተካከላል። ናሆም፣ አንተ ‹‹ማሳመን›› ያልከው ለእኔ ይሄ ነው። ደንበኛው ምን እንደሚያደርግ ማወቅና በቁጥር ማስቀመጥ።

ሲቪው ላይ ‹‹ለዝርዝር ትኩረት እሰጣለሁ›› የሚለውን አውጪና ይሄን አስገቢ፦ ‹‹ከደንበኛ ቅሬታ ተነስቼ በትዕዛዝ ሶፍትዌር ላይ የቅናሽ ስህተት ለየሁ፤ በ19፣ በ20 እና በ21 ካርቶን ሞክሬ ልክ በ20 ብቻ እንደሚከሰት አሳየሁ። ከተስተካከለ በኋላ ብዛት ሲቀነስ ቅናሹ እንደማይነሳ አግኝቼ አሳወቅሁ።›› ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። አንድ ነገር ሲጠገን አጠገቡ ሌላ ነገር ተበላሽቶ እንደሆነ መልሶ ማየት አዲስ ቴስተሮች ቶሎ የማይለምዱት ነገር ነው።

የ‹‹ሠ››ንና የጳጉሜንን ነገርም በአንድ በአንድ መስመር ጻፊ። የሥራ መደብሽን ግን አትቀይሪው። ‹‹ሽያጭ›› ከነበርሽ ‹‹ሽያጭ›› ብለሽ ተይው። የድርጅቱን ስክሪን ፎቶና የደንበኛ ስምም ለማንም እንዳታሳዪ፤ የሌላ ቤት ምስጢር የሚያወጣ ሰው አልቀጥርም።

ያሬድ_ሜሪላንድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

የሕይወትን የመጨረሻ ነገር ላጠናክርላት፣ በራሴ ስለደረሰ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ስልክ መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ሐበሻ እርስ በርሱ ‹‹ኪውኤ ግባ›› ሲባባል ሰምቼ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ ኮርስ ገባሁ። ትምህርቱ ክፉ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ግን አሠልጣኙ የአራት ዓመት ልምድ እንዳለኝ አድርጎ ሲቪ አዘጋጀልኝ። ሠርቼ የማላውቅበት የኢንሹራንስ ፕሮጀክት ነበረበት። ቃለ መጠይቅ ገባሁ። ሴትዮዋ ‹‹እዚያ ፕሮጀክት ላይ ያገኘኸውንና የማትረሳውን አንድ ባግ ንገረኝ›› አለችኝ። ሸምድጄ የሄድኩትን ተናገርኩ። ‹‹ዴቬሎፐሩ ምን ነበር ያለህ?›› አለችኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝን አላስታውስም፤ ላቤ ብቻ ትዝ ይለኛል።

አሁን የምሠራበት ቦታ የገባሁት በእውነተኛው ሲቪዬ ነው። ስልክ መሸጫው ውስጥ የድሮውን ስልክ ዳታ ወደ አዲሱ ስናዛውር ኮንታክቶች እየተደገሙ ይመጡ ነበር፤ እሱን እንዴት እንደደረስኩበት ነገርኳቸው። ዝቅ ባለ ደመወዝ ጀመርኩ፤ ያም ሆኖ በሰላም እተኛለሁ። ቤቲ፣ ያንቺ ታሪክ ላይ ‹‹ዴቬሎፐሩ ምን አለሽ?›› ቢሉሽ መልሱ አለሽ። ‹‹እኛ ጋ ይሠራል አሉኝ›› ትያቸዋለሽ።

ናሆም_88 | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሕይወት፣ ያልሽው ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ላይ አሁንም አልሸነፍም። ሲቪውን መጀመሪያ የሚያየው ኤችአር ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ኤችአር ‹‹19፣ 20፣ 21›› አይገባውም። ሰርተፊኬት የሚለውን ቃል ነው የሚፈልገው።

ሕይወት_ኪውኤ | ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡00

ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ላይ ልክ ልትሆን ትችላለህ። እኔ ያለሁበት ቤት ትንሽ ስለሆነ ሲቪው በቀጥታ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ቤቲ ገንዘቡ ካላት ፈተናውን ብትወስድ አልቃወምም። ሰርተፊኬቱን ይዛ ታሪኩ የሌላት ሰው ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ትወድቃለች።

ጋሽ_ታደሰ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

አሁን ገና ነገሩ ገባኝ። ልጄ፣ ቀድሞ ስላሳሳትኩሽ ይቅርታ። እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከጠቀመሽ። ሱቄ ውስጥ ልጁ ትዕዛዝ ያስገባና ‹‹ላክ›› የሚለውን ይነካል። ኔትወርክ ቀጥ ይላል። ምንም ስላልመጣለት ደግሞ ይነካዋል። ኔትወርኩ ሲመለስ አንዱ ትዕዛዝ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ቧንቧ ተራግፎልኝ ያውቃል። ይሄንንስ የሚፈትሽ አለ?

ሕይወት_ኪውኤ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡52

መፈተሽ ነበረበት ጋሼ። ሲሠሩት ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ቢሮ ውስጥ ስለሚሞክሩት ሳያዩት ያልፋሉ። ለመፈተሽ ደግሞ ስልኩን ልክ በሚላክበት ሰዓት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ፣ ሁለት ጊዜ መንካት፣ ከዚያ መመለስ ይበቃል። ቤቲ፣ ይቺን ያዢያት።

ቤቲ_ጎፋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ተመለስኩ። ሲቪውን ቀይሬ አምስት ቦታ ላክሁ። ሁለቱ ጠሩኝ።

አንደኛው በስልክ ‹‹ሲኳል ላይ ምን ያህል ነሽ?›› አለኝ። ዳታቤዝ ውስጥ ካለ አንድ ሰንጠረዥ መረጃ መርጦ ማውጣት እችላለሁ፣ ሁለት ሰንጠረዥ ማገናኘት ገና እየተማርኩ ነው አልኩት። አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋው። ያ ጎደሎዬ ነው፤ አሁን ማታ ማታ የማጠናው እሱን ነው።

ሁለተኛው ቢሮ አስጠራኝ። ‹‹ለምን ሽያጩን ትተዪያለሽ?›› አሉኝ። የዴሞውን ነገር ነገርኳቸው። ‹‹የማልነካቸውን ቁልፎች እያወቅሁ ዝም ማለት ሰልችቶኛል፤ አሁን እነሱን ልነካ ነው የመጣሁት›› አልኩ። ቴስተሯ ብድግ ብላ ወንበሯን ወደ እኔ አቀረበች። የ20 ካርቶኑን ታሪክ እስከ መጨረሻው አስነገረችኝ።

ከዚያ የደንበኛ መመዝገቢያ ገጽ ከፍተውልኝ 15 ደቂቃ ሰጡኝ። መጀመሪያ ‹‹የሚመዘግበው ደንበኛው ራሱ ነው ወይስ ሠራተኛ?›› ብዬ ጠየቅሁ። ደንበኛው ራሱ ነው አሉኝ። ስልክ ቁጥሩን በ09 ሞከርኩ፣ ገባ። በ07 ሞከርኩ፣ ‹‹ትክክለኛ ቁጥር አይደለም›› አለኝ። የሳፋሪኮም ቁጥር ያለው ሁሉ አይመዘገብም ማለት ነው። በ+251 ሞከርኩ፣ ገባ፤ ግን ያው የቅድሙ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ተመዘገበ። ከዚያ የጋሽ ታደሰ ነገር ትዝ አለኝና ኔትወርኩን አጥፍቼ ሁለት ጊዜ ነካሁት። ሁለት ሆኖ ነው የመጣው! ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሳልሞክረው ያለፍኩትም አለ። ከወጣሁ በኋላ ነው ስሙን በአማርኛ አስገብቼ ፍለጋው ላይ እንዳላየሁት ያስታወስኩት። እኔ ራሴ ያነሳሁት ነገር እኮ ነው፤ ተበሳጨሁ። ማታ በኢሜይል ጽፌ ላክሁላቸው። ጥሩ አድርጌ ይሁን አይሁን አላውቅም።

በዚህ ሳምንት እንነግርሻለን ብለዋል። ደሞዙ ግን ከኮሚሽኔ ጋር አሁን ከማገኘው በሲሶ ያንሳል። የቤት ኪራይ አለብኝ። ቢወስዱኝም እሺ ልበል ወይስ ሲኳሉን ጨርሼ የተሻለ ልጠብቅ፣ አልወሰንኩም።

ያሬድ_ሜሪላንድ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ግቢበት። ስድስት ወር ሠርተሽ የምታወሪው ስድስት ወር ተምረሽ ከምታወሪው ይበልጣል።

ናሆም_88 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እኔ አልስማማም። ኪራይ የሚከፍል ሰው በሲሶ ዝቅ አይልም። ሽያጩን ይዘሽ ሲኳሉን ጨርሺ።

ሕይወት_ኪውኤ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ገንዘቡን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ከመወሰንሽ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ የቴስት ቡድኑ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ብቻሽን ከሆንሽ የሚያስተምርሽ የለም። ሁለተኛ፣ ከሙከራ ጊዜ በኋላ ደሞዙ ይታያል ወይ? በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

ኢሜይሉን መላክሽ ጥሩ ነው። እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ጋሽ_ታደሰ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡30

ልጄ፣ አንቺ ጳጉሜን ካልሽ ወዲህ ሲከነክነኝ ከርሞ ዛሬ ልጁን የእኔን ሶፍትዌር አስከፈትኩት። ያለፈው ዓመት የጳጉሜን 3 ሽያጭ መስከረም ውስጥ ነው ያለው። አሮጌው ዓመት አዲሱ ውስጥ ገብቶ ማለት ነው። እንዲህ እንዲሆን ነው የተሠራው ወይስ ተበላሽቶ ነው?